የኦቨን ዶሮ በኤር ፍራየር፦ መጀመሪያ የቅርጫቱን ጭነት ቀንሺ

ጥያቄ፦ «ሼፍ ሰላም ነዎት? የዶሮ ጭን ከድንች ጋር በኦቨን 200 ዲግሪ ላይ ለ40 ደቂቃ ነበር የምሠራው፤ ሁሌም ያምርልኛል። አሁን እህቴ ከአረብ አገር 4 ሊትር የሚይዝ ኤር ፍራየር ላከችልኝ። ፎይል አንጥፌ ስምንቱን ጭንና ድንቹን አንድ ላይ ከትቼ በዚያው ሙቀትና ሰዓት ባበስለው፣ ከላይ ጠቆረ፣ አጥንቱ ጋ ደም አለው፣ ድንቹ ደግሞ የተቀቀለ መሰለ። ሙቀቱንና ሰዓቱን በስንት ልቀንስ? ያለሁት ጎንደር ነው።»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሙቀቱን በ20 ዲግሪ ቀንሺ፣ ሰዓቱን በሩብ ቀንሺ፣ ያም ሰዓት ሳይሞላ ቀደም ብለሽ ማየት ጀምሪ። ይህ ስሌት የሚይዘው ግን ምግቡ ሳይደራረብ በአንድ ረድፍ ተቀምጦ፣ በየመሃሉም አየር የሚያልፍበት ክፍተት ሲኖረው ነው። ስምንት ጭንና ድንች ፎይል ላይ ተቆልለው እያሉ 180 ላይ ብታደርጊው መጥቆሩ ይዘገይ ይሆናል እንጂ ደሙም የድንቹ መልፈስፈስም ባሉበት ይቀራሉ። ስለዚህ ከቦታው እንጀምር፤ ሙቀቱና ሰዓቱ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ኤር ፍራየር በአሠራሩ ትንሽ ኦቨን ነው። ከላይ የሚግል ሽቦ አለው፣ ከሽቦው በላይ ደግሞ ማራገቢያ። ማራገቢያው የጋለውን አየር እየገፋ በቅርጫቱ ጎንና በቀዳዳዎቹ በኩል ከምግቡ ሥር ያዞረዋል፣ አየሩም ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ማራገቢያ በሌለው ኦቨን ውስጥ አየሩ ብዙ አይንቀሳቀስም። ከምግቡ የሚወጣው እርጥብና ቀዝቀዝ ያለ አየር ዙሪያውን ይዞት ስለሚቆይ ሙቀቱ ወደ ምግቡ የሚደርሰው ቀስ ብሎ ነው። ማራገቢያው ያንን እርጥብ አየር ጠርጎ ያነሳዋል። ስለዚህ ሁለቱም መሣሪያዎች 200 ቢሉም፣ የምግቡ ገጽ በኤር ፍራየር ውስጥ የሚቀበለው ሙቀት ይበልጣል።

ልብ በዪ፣ ይህ ሁሉ የሚሆነው ገጹ ላይ ነው። ከቆዳው እስከ አጥንቱ ድረስ ሙቀቱ የሚጓዘው በሥጋው ውስጥ ነው፣ እዚያ ደግሞ ማራገቢያ አይደርስም። የዚያን ጉዞ ርዝመት በዋናነት የሚወስነው የሥጋው ውፍረት ነው። አንቺ ያየሽው ጥቁር ቆዳና ጥሬ መሃል ከዚህ የመጣ ነው፤ ውጪው ሲጣደፍ ውስጡ ወደ ኋላ ቀረ። ሙቀቱን የምንቀንሰውም ውስጡ እስኪደርስ ድረስ ውጪውን ለማቆየት ነው። ይህን ከያዝሽ የማታውቂው ምግብ ቢመጣብሽ እንኳ ስሌቱን ራስሽ ታወጪዋለሽ። ምግቡ ስስ ከሆነ ሰዓቱ በጣም ያጥራል፣ ወፍራም ከሆነ ትንሽ ብቻ ያጥራል፣ በጣም ወፍራም ከሆነ ግን ሰዓቱ ምንም ላይቀንስ ይችላል፤ ሙቀቱን ነው አብዝተሽ የምትቀንሺው።

አሁን ወደ ድንቹ እንምጣ፣ ምክንያቱም የችግርሽን ሥር የሚያሳየው እሱ ነው። ግማሽ ኪሎ ድንች ውስጥ 400 ግራም ገደማ ውሃ አለ። የዶሮ ሥጋም አብዛኛው ውሃ ነው። የምግብ ገጽ እርጥብ እስከሆነ ድረስ አየሩ 200 ዲግሪ ቢሆንም ገጹ ራሱ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት ብዙም አያልፍም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃችን የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምግብ ደግሞ ደህና አድርጎ ቡናማ የሚሆነው ገጹ ወደ 140 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። መጀመሪያ ይደርቃል፣ ከዚያ ይቀላል። እንዲደርቅ ደግሞ እንፋሎቱ መውጫ ማግኘት አለበት። በገመድ ላይ ተደራርቦ የተሰጣ ልብስ ነፋስ እየነፈሰም እንደማይደርቀው፣ ቅርጫት ውስጥ የተቆለለ ድንችም በራሱ እንፋሎት ውስጥ ተቀምጦ ይቀቀላል።

ፎይሉ ይህን ነገር እጥፍ አድርጎታል። የቅርጫቱ ታች ቀዳዳ የተበጀው አየሩ ከሥር እንዲዞር ነው። ሙሉውን በፎይል ስትሸፍኚው መሣሪያው ከላይ ብቻ የሚጠብስ ይሆናል፣ ከዶሮው የሚወርደው ውሃና ስብም ፎይሉ ላይ ይጠራቀምና ድንቹ እሱ ውስጥ ይዋኛል። ማጠቡ እንደሚያሰለች አውቃለሁ፤ ግን ቀዳዳ ያለው የመጋገሪያ ወረቀት ካላገኘሽ በቀር ምንም አታንጥፊ። ፎይልም ሆነ ወረቀት ባዶ ቅርጫት ላይ አድርገሽ አታሙቂ፤ አየሩ አንስቶ ከጋለው ሽቦ ጋር ያጣብቀዋል።

መጥቆሩም ቢሆን ከፊሉ የመጣው ከቁልሉ ነው። በዚህ ትንሽ መሣሪያ ውስጥ ሽቦው ከምግቡ በጥቂት ጣት ብቻ ነው የሚርቀው። ስምንት ጭን ሲደራረብ የላይኞቹ ወደ ሽቦው ይጠጋሉ፣ ከሞቀው አየር ሌላ በቀጥታ ከሽቦው የሚወጣውም ግለት ያቃጥላቸዋል። ስለዚህ ቀጥሎ ስትሠሪ ከማውጣትሽ በፊት ጥቁረቱን አስተውዪው። ላይኞቹ ብቻ ጠቁረው የሥረኞቹ ገርጥተው ከተገኙ ችግሩ መጨናነቅ ነው። ሁሉም ዙሪያቸውን እኩል ጠቁረው ውስጣቸው ጥሬ ከሆነ ሙቀቱ በዝቷል። ሁሉም ገርጥተው ውስጣቸው ከደረቀ ደግሞ ሙቀቱ አንሶ ሰዓቱ ረዝሟል፣ ወይም የመብራቱ ኃይል ደክሟል፤ ስለ መብራቱ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ያንቺኑ ምግብ በቁጥር እንሥራው። መጀመሪያ የቅርጫቱን ታች ከውስጥ በኩል ለኪው። ብዙዎቹ 4 ሊትር የሚሉት መሣሪያዎች ጎናቸው 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ካሬ ከሆነ 400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ይሆናል። ሊትሩ የሚነግርሽ ጥልቀቱን ጨምሮ ነው፤ ለጥብስ ግን የሚጠቅምሽ የታቹ ስፋት ብቻ ነው። አንድ አጥንት ያለው መካከለኛ የዶሮ ጭን ወደ 70 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይይዛል። አራት ጭን 280 ያህል ይሸፍናል፣ ከቅርጫቱ ሁለት ሦስተኛ ትንሽ ከፍ ይላል ማለት ነው፤ በየመሃሉም የጣት ውፍረት ክፍተት ይኖራል። እኔ የማላልፈው ድንበር ይሄ ነው። አምስተኛው ይገባል፣ ግን ጎን ለጎን ይጣበቃሉ፣ የተጣበቀው ጎናቸውም ነጭ ሆኖ ይወጣል። ስምንቱን በሁለት ዙር ሥሪያቸው።

ድንቹም ከዶሮው መለየት አለበት። በኦቨን ትሪ ላይ ድንቹ ከዶሮው ሥር ሆኖ የሚወርደውን ስብ ስለሚጠጣ ነው የሚጥመው። በኤር ፍራየር ግን ስቡ በቀዳዳው አልፎ ወደ ታች መሳቢያው ይወርዳል፤ ድንቹ ከሥር በመሆኑ የሚያገኘው ጥቅም የለም፣ አየር መዝጋት ብቻ ነው የሚተርፈው። የሁለቱ ፍላጎትም ይለያያል። ጭኑ ወፍራም ስለሆነ ቀዝቀዝ ያለና ረጅም ሰዓት ይፈልጋል፤ የተቆረጠው ድንች ትንሽ ስለሆነ ሞቅ ያለና አጭር።

ከድንቹ ጀምሪ። ግማሽ ኪሎውን ልጠሽ በ2 ሴንቲ ሜትር ኩብ ቁረጪ። መጠኑ እኩል ይሁን፤ ትንንሾቹ ሲያሩ ትልልቆቹ ጥሬ እንዳይሆኑ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ዘፍዝፊው፣ ገጹ ላይ ያለው ስታርች ይታጠብና ቁራጮቹ እርስ በርስ አይጣበቁም። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ደህና አድርገሽ አድርቂው። ይቺን ማድረቅ ብዙ ሰው ይዘልላታል፤ እያንዳንዷ ጠብታ ግን መቅላት ከመጀመሩ በፊት መሣሪያው ማትነን ያለበት ተጨማሪ ውሃ ናት። በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትና በጨው እሺው። መሣሪያውን ባዶውን 3 እስከ 5 ደቂቃ አሙቂውና ድንቹን በ190 ዲግሪ ለ18 ደቂቃ አስገቢ፣ በየ6 ደቂቃው አውጥተሽ ወዝውዢው። የኦቨኑ 200 ዲግሪ እዚህ 190 ብቻ የሆነው ድንቹ ስስ ስለሆነ ነው፤ ውስጡ ቶሎ ስለሚደርስ ውጪውን ብዙ ማቆየት አያስፈልግም። ሰዓቱ ግን ከ40 ወደ ግማሽ ወርዷል። ወርቃማ ሲሆን አውጪው፣ ቡናማ እስኪሆን አትጠብቂ፤ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ይመለሳል።

ጭኑን አስቀድመሽ ጨው፣ ሎሚና ዝንጅብል ቀብተሽ ማቆየት ትችያለሽ። ከማስገባትሽ በፊት ቆዳውን በወረቀት አድርቂና ዘይት በእጅሽ በስሱ ቀቢው። ዶሮው ከሱፐርማርኬት የተገዛ በረዶ ከሆነ ሙሉ በሙሉ መቅለጡን አረጋግጪ፤ ከላይ ለስልሶ አጥንቱ ጋ ገና በረዶ ያለበት ጭን የትኛውም ስሌት አያድነውም። ማታ አውጥተሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው።

የሙቀቱ ስሌት 200 ሲቀነስ 20፣ 180 ነው። የሰዓቱ 40 ሲቀነስ ሩቡ፣ 30 ደቂቃ። አራቱን ጭን ቆዳቸውን ወደ ታች አድርገሽ አስገቢ፣ 15ኛው ደቂቃ ላይ ገልብጪ፣ ቆዳው ለመጨረሻው ግማሽ ወደ ላይ ይሁን። ይህን ያደረግሁት ቆዳው በሽቦው ፊት የሚቆየውን ሰዓት ለመቀነስ ነው። 22ኛው ደቂቃ ላይ መሳቢያውን ሳቢና ትልቁን ጭን መርምሪ። ትንንሽ ጭኖች እዚያው 24 እና 25 ላይ ሊደርሱ ይችላሉ፣ ትልልቆቹ 30ውን ሙሉ ይፈልጋሉ። እንደ ኦቨን በር መከፈቱ ብዙ አያስፈራሽ፤ መሣሪያው ትንሽ ስለሆነ የጠፋውን ሙቀት ቶሎ ይመልሳል።

መድረሱን በምን ታውቂያለሽ? የሥጋ ቴርሞሜትር ካለሽ አጥንቱን ሳይነካ በወፍራሙ በኩል ክተቺው። 74 ዲግሪ ሲል ለጤና አስተማማኝ ነው፤ ጭን ግን ጅማት ስላለው እስከ 80 እና 85 ቢሄድ ይበልጥ ይለሰልሳል እንጂ አይጎዳም። ደረት ከሆነ ከ74 ብዙ ማለፍ የለበትም፣ ይደርቃል። ቴርሞሜትር ከሌለሽ አጥንቱ አጠገብ በቢላ ጫፍ ውጊና የሚወጣውን ፈሳሽ እዪ፤ ጥርት ያለ መሆን አለበት። ከፈሳሹ ይልቅ ግን ሥጋውን እመኚ። የበሰለ ሥጋ ነጭ ሆኖ በክር በክሩ ይለያያል፣ ከአጥንቱም ይላቀቃል። ያልበሰለው ያብረቀርቃል፣ እንደ ጎማም ይለጠጣል። ይህን የምለው በወጣትነቱ የሚታረድ የፈረንጅ ዶሮ፣ በተለይ በረዶ ሆኖ የቆየው፣ በደንብ በስሎም ቢሆን አጥንቱ ዳር ቀላ ያለ ወይም ጠቆር ያለ ነገር ሊያሳይ ስለሚችል ነው። ከአጥንቱ ውስጥ የሚወጣ ቀለም ነው። ሥጋው ነጭ ሆኖ እየተላቀቀ ቀለሙ አጥንቱ ላይ ብቻ ከቀረ፣ እየደጋገምሽ ወደ መሣሪያው አትመልሺው።

የመጀመሪያውን ዙር ስታወጪ መሳቢያው ሥር የተጠራቀመውን ስብ ወዲያው ድፊው። በሁለተኛው ዙር እሱ ነው የሚጨሰው፣ ጭሱም ምግቡ ላይ መጥፎ ሽታ ያስቀራል። ሁለተኛው ዙር መሣሪያው ይበልጥ ግሎ ስለሚቀበለው 2 ወይም 3 ደቂቃ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል፤ 20ኛው ደቂቃ ላይ ማየት ጀምሪ። ሁለቱም ዙር ሲያልቅ ስምንቱን ጭንና ድንቹን አንድ ላይ መልሰሽ በ180 ለ3 እና 4 ደቂቃ ማሞቅ ትችያለሽ። አሁን መደራረቡ ብዙ አይጎዳም፤ ገጻቸው ደርቋል፣ የሚያወጡት እንፋሎትም ጥቂት ነው። በአጠቃላይ ከኦቨኑ 40 ደቂቃ የበለጠ ጊዜ ነው የሚወስድብሽ፣ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ። ለስምንት ሰው ድግስ ከሆነ በእውነት ኦቨንሽ ይሻላል። ኤር ፍራየሩ የሚያተርፍልሽ ለሁለት ለሦስት ሰው በአንድ ዙር ስትሠሪ ነው።

በርበሬ ቀብተሽ እንደሆነ አልነገርሽኝም፤ ጎንደሬ ሆነሽ ያልቀባሽ ግን አይመስለኝም። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ደቃቅና ደረቅ ስለሆኑ በሚነፍሰው አየር ፊት ከቆዳው ቀድመው ይከስላሉ፣ ከከሰሉ ደግሞ ይመራሉ። ማር ወይም የቲማቲም ድልህ ከገባበት ስኳሩ ይብስ ያፋጥነዋል። በኦቨን ውስጥ አርባ ደቂቃ የሚችለው ቅባት እዚህ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጥቁር ቅርፊት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በርበሬውንና ነጭ ሽንኩርቱን በቅቤ ወይም በዘይት ለውሺና ለብቻው አስቀምጪው፤ ሊደርስ 6 ወይም 7 ደቂቃ ሲቀረው በብሩሽ ቀቢው። ለመቅላትና ለመሽተት ይበቃዋል፣ ለመክሰል ግን ጊዜ አያገኝም። ቀድሞ ገብቶ እንዲጣፍጥ ከፈለግሽም መንገድ አለው፤ ከቆዳው ሥር በጣትሽ አስገቢው፣ እዚያ አየሩ አያገኘውም።

ወደ መብራቱ ልመለስ። ስሌቶቹ ሁሉ መሣሪያው ሙሉ ኃይሉን እንደሚያገኝ የሚቆጥሩ ናቸው። ምሽት ላይ በየቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጣድ አምፖሉ ደብዘዝ ሲል አይተሽ ይሆናል። የማሞቂያ ሽቦ ኃይል ከቮልቴጁ ይበልጥ ነው የሚወርደው። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ፣ 1500 ዋት የነበረው መሣሪያ ወደ 1000 ዋት ይወርዳል፤ አንድ ሦስተኛው ጠፋ ማለት ነው። ማራገቢያውም ድምፁ ይሳሳል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ቁጥሩን ወደ 200 ከፍ ያደርጋል፤ ምንም አይጠቅምም። ሽቦው ካለው ኃይል ጋር ሳያቋርጥ እየሠራ ነው፣ ቁጥሩ የሚነግረው የት ላይ እንደሚቆም ብቻ ነው። የሚረዳው የምግቡን መጠን መቀነስ፣ ባዶውን ትንሽ ረዘም አድርጎ ማሞቅ፣ ሰዓቱንም በዓይን እያዩ ማስረዘም ነው። ከተቻለ ከሰዓት በፊት ሥሪው። ምጣዱንና ኤር ፍራየሩን ደግሞ በአንድ ኤክስቴንሽን አትሰኪ፤ ገመዱ ይግላል።

መብራቱ መሃል ላይ ቢጠፋ ስንት ደቂቃ እንደቀረው በቶሎ ያዢ፤ ባለ ዲጂታሉ መሣሪያ ሲመለስ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። መሳቢያውን ሳትከፍቺ 10 እና 15 ደቂቃ መጠበቅ ይቻላል። ከዚያ ካለፈ ግማሽ የበሰለውን ዶሮ ለብ ባለ ቦታ አታቆዪው፤ በከሰል ወይም በጋዝ ላይ መጥበሻ ከድነሽ ጨርሺው።

ከአረብ አገር የሚመጣ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ለኛ ቮልቴጅ የተሠራ ነው። ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ከአሜሪካ የተላከለት ከሆነ ግን ከመሰካቱ በፊት ሥሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብብ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። የሙቀቱ ቁጥርም በፋራናይት ሊሆን ይችላል፤ እዚያ 360 ማለት የኛ 180 ገደማ ነው። እንዲሁም የምግብ አሠራሩ የተጻፈው ማራገቢያ ላለው ኦቨን ከሆነ አንድ ጊዜ ተቀንሶለታል፣ ሌላ 20 አትቀንሺ፤ 5 ወይም 10 ይበቃል።

ሌሎች ምግቦችን በውፍረታቸው መዝኛቸው። ከጎርጎራ የሚመጣ መካከለኛ ቆሮሶ በኦቨን 200 ላይ 20 ደቂቃ የሚፈልግ ከሆነ፣ ሆዱ ስስ ስለሆነ በ180 ከ12 ደቂቃ ጀምረሽ እዪው። ሁለት ዓሣ ካልተነካካ ይገባል፣ ሦስተኛው ይጠብቅ። ላዛኛን የመሰለ 6 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር በሳህን የሚገባ ነገር ግን የተገላቢጦሽ ነው። በ160 አድርገሽ ሰዓቱን ከኦቨኑ ጋር እኩል ያዢ፣ ላዩን በፎይል ሳህኑ ላይ አጥብቀሽ ከድኚና የመጨረሻው 10 ደቂቃ ላይ ብቻ ግለጪው። ሳህኑ ራሱ የቅርጫቱን ታች ከሞላው አየሩ ስለማይዞር ዙሪያውን የሁለት ጣት ክፍተት የሚተው ሳህን ፈልጊ። ወፍራም ድፎ ዳቦ አልመክርሽም፤ ማራገቢያው ቅርፊቱን ቶሎ ስለሚያደርቀው መሃሉ ከፍ ሊል ሲል ይሰነጠቃል።

የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ደግሞ ከላይ ያልኩሽን ሰዓት ተይው። ሥጋው የጠነከረ ስለሆነ በ30 ደቂቃ 74 ዲግሪ ደርሶ እንኳ አይታኘክም፣ ብታስረዝሚውም ይደርቃል እንጂ አይለሰልስም፤ ጅማቱ የሚፈታው እርጥበት ባለበት ረጅም ጊዜ ነው። ከጨውና ከዝንጅብል ጋር በትንሽ እሳት ሹካ እስኪገባው ድረስ ቀቅዪው፣ መረቁን ለሾርባ አስቀሪ፣ ጭኑን አውጥተሽ እንፋሎቱ እስኪወጣለትና ገጹ እስኪደርቅ ድረስ በትሪ ላይ ዘርጊው። ውስጡ በስሏልና ከዚህ በኋላ የሚቀርሽ ቆዳው ብቻ ነው። በርበሬውን በቅቤ ለውሰሽ ቀቢና በ190 ለ8 ደቂቃ፣ አራት አራት እያደረግሽ።